የ38,000 ጫማው አረንጓዴ ሳጥን

በባሕረ ሰላጤው ካሉት አየር መንገዶች በአንዱ፣ የበረራ ፕላን በሚያወጣው የዲስፓች ክፍል የሆነ ነው። የነዳጅ ወጪን የሚከታተለው ክፍል አዲስ ሠንጠረዥ አወጣ። እያንዳንዱ ረጅም በረራ በመጀመሪያ የወጣበት ከፍታ በአንድ ሳጥን ይሞላል። 38,000 ጫማና ከዚያ በላይ ከሆነ አረንጓዴ፣ ከዚያ በታች ከሆነ ቀይ ይሆናል፤ ለቀዩ ፕላኑን ያወጣው ዲስፓቸር ምክንያቱን በጽሑፍ ያቀርባል።

በስብሰባው ላይ የክፍሉ ኃላፊ አሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አስቀመጠው፦ «ከላይ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ጎታች ኃይሉን ይቀንሳል፤ ስለዚህ ከፍ ያለ ሁሉ ይቆጥባል።» ብዙ ሰው የሚያውቀው ማብራሪያ ስለሆነ ማንም አልተቃወመም። ከሐበሾቹ ዲስፓቸሮች ታላቁ ግን እጁን አወጣ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ጎታች ኃይሉ አይቀንስም» አለ።

ኃላፊው ሳቅ ብሎ፣ «ታዲያ ለምንድን ነው ወደ ላይ የምንወጣው?» ሲል ጠየቀው።

መልሱን እዚህ ዘርዘር አድርጎ ማስቀመጥ ይገባል፤ ክርክሩ ሁሉ ያረፈው በእሱ ላይ ነውና። አውሮፕላኑ 212 ቶን ከሆነ ክንፉ የትም ከፍታ ላይ 212 ቶን መሸከም አለበት። 36,000 ጫማ ላይ የአየሩ እፍጋት በባሕር ጠለል ካለው 30 ከመቶ ገደማ ብቻ ነው። ያንኑ ክብደት በዚያ አየር ለመሸከም ፍጥነት መጨመር ግድ ነው። በ490 ኖት ሲበር ክንፉ የሚሰማው ነፋስ ባሕር ጠለል ላይ በ270 ኖት ገደማ ሲበር ከሚሰማው ጋር እኩል ይሆናል። ክንፉ የሚሰማው ነፋስ እኩል ከሆነ ጎታች ኃይሉም፣ በድምፅ ፍጥነት አጠገብ የሚጨመረውን ትተን፣ እኩል ይሆናል። ልዩነቱ ያ አንድ ዓይነት የሞተር ግፊት ከታች በሰዓት 270 የባሕር ማይል፣ ከላይ 490 የባሕር ማይል መግዛቱ ነው። ትርፉ የሚገኘው ከርቀቱ ነው።

ቅዝቃዜው ደግሞ የሞተሩን ድርሻ ይሠራል። ቀዝቃዛ አየርን መጭመቅ ሞቃቱን ከመጭመቅ ያነሰ ጉልበት ይጠይቃል። ተርባይኑ ሊችለው የሚገባው የሙቀት ጣሪያ የተወሰነ ስለሆነም፣ ከዜሮ በታች 50 ዲግሪ የገባ አየር 40 ዲግሪ ሆኖ ከገባው ይልቅ ነዳጅ ለማቃጠል ሰፊ ክፍተት ይተዋል። ከዚህም ሌላ፣ ትልቅ ሞተር ከታች በዚያ ፍጥነት ለመብረር ከአቅሙ ጥቂቱን ብቻ እየተጠቀመ ነዳጅ ያባክናል፤ ከላይ ግን አየሩ ስለሳሳ ሙሉ አቅሙ አጠገብ፣ ማለትም በተሠራለት ልክ ይሠራል።

ገደቡም የሚመጣው ከዚሁ ነው። ሙሉ አቅሙ አጠገብ የሚሠራ ሞተር መጠባበቂያው ትንሽ ነው። ክንፉም ቢሆን ለክብደቱ በጣም ስስ በሆነ አየር ውስጥ ሲገባ አፍንጫውን ከልኩ በላይ ማንሳት ግድ ይለዋል፤ ያን ጊዜ ጎታች ኃይሉ በእርግጥ ይጨምራል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ክብደት አንድ የተሻለ ከፍታ አለ። ኮክፒት ውስጥ በኮምፒውተሩ ገጽ ላይ `OPT` ተብሎ ይነበባል፤ ከጎኑ ያለው `MAX` ደግሞ በዚያ ክብደትና ሙቀት ሊደረስበት የሚችለው ጣሪያ ነው።

ታላቁ ዲስፓቸር ይህን ሁሉ ተናገረ። ኃላፊው «ሐሳብዎን መዝግበነዋል» አለና ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። ሳጥኑም እንደነበረ ቀረ።

ከዚያ በኋላ ወደ አውሮፓ የሚሄድ የሰባት ሰዓት የሌሊት በረራ መጣ። አውሮፕላኑ ጉዞ ከፍታ ላይ ሲደርስ 212 ቶን ይሆናል፤ `OPT` 36,200፣ `MAX` 38,100 ጫማ ነው። ትክክለኛው ፕላን ግልጽ ነበር። ወደ ምዕራብ ስለሚሄድ በሺህ ሲቆጠሩ ተጋማሽ ቁጥር ከሚሆኑት ከፍታዎች 36,000 ላይ ይጀምራል። ከዚያ ወደ 38,000 ሲወጣ የአየር ግፊቱ በ9 ከመቶ ገደማ ይቀንሳል፤ ስለዚህ አውሮፕላኑም በዚያው ልክ መቅለል አለበት። ይህ 19 ቶን ተኩል ነዳጅ ነው። በሰዓት 5.6 ቶን ሲያቃጥል ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጃል፤ መውጫው ጊዜ ያ ነው።

ፕላኑን የሠራው ወጣት ግን ቀዩን ሳጥን ፈርቶ በ38,000 ጀመረው። «ጋሼ፣ `MAX` እኮ 38,100 ነው፤ ይችላል» አለ።

«መቻልማ ይችላል። መቶ ጫማ ግን መጠባበቂያ አይባልም። ትንበያው ላይ ያለው ሙቀት በአምስት ዲግሪ ቢሳሳት ምን ይሆናል?»

ተሳሳተም። አብራሪዎቹ 38,000 ላይ ከዜሮ በታች 53 ዲግሪ ሲጠብቁ 48 አገኙ። አየሩ ሲሞቅ የሞተሩ የግፊት አቅም ወረደ፤ `MAX`ም ወደ 37,700 ዝቅ አለ። አውሮፕላኑ ከጣሪያው በላይ ሆነ ማለት ነው። ይህ ሁኔታ በመጀመሪያ የሚታወቀው በፍጥነቱ ነው። ሞተሮቹ ገደባቸው ላይ እያሉ ማሁ፣ ማለትም ከድምፅ ፍጥነት አንጻር የሚለካው ፍጥነት፣ ከ0.85 ወደ 0.83 ቀስ እያለ ወረደ፤ በፍጥነት መለኪያው ላይ የላይኛውና የታችኛው ቢጫ መስመሮች ተቀራረቡ። የታችኛው መስመር ክንፉ ወደ መንቀጥቀጥ፣ ከዚያም የመሸከም አቅሙን ወደሚያጣበት ወደ ስቶል የሚቀርብበትን ፍጥነት ያመለክታል። አብራሪዎቹ መውረድ እንዲፈቀድላቸው ጠየቁ፤ ልክም አደረጉ። 36,000 ግን በሌላ አውሮፕላን ተይዞ ስለነበር 34,000 ተሰጣቸው። እዚያም ለሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቆዩ፤ ነዳጁ እየቀነሰ ሲሄድ የተሻለው ከፍታ እየራቃቸው ሄደ። ሲያርፉ በ36,000 ይጀምር ከነበረው ፕላን 500 ኪሎ ገደማ ተጨማሪ አቃጥለው ነበር።

በሠንጠረዡ ላይ የዚያ በረራ ሳጥን አረንጓዴ ነው። የመጀመሪያው ከፍታ 38,000 ነበራ! በዚያው ሌሊት በ36,000 ጀምሮ ከፕላኑ በታች ያቃጠለ ሌላ በረራ ቀይ ሆኖ ማብራሪያ ተጠየቀበት። ይህ ዛሬም ያናድዳል፤ መናደድ የሚገባው ግን በወጣቱ ላይ አይደለም፣ ቁጥሩን በመረጠው ክፍል ላይ ነው። ወጣቱ የተለካበትን ነገር ነው የሠራው።

ታላቁ ዲስፓቸር ሁለቱን ፕላኖች ጎን ለጎን አያይዞ ላከ፤ ሳጥኑ ከከፍታው ይልቅ ከ`OPT` ያለውን ርቀት እንዲመዘግብ ጠየቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ተቀየረ። ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ነፋሱን አይቆጥርምና። 38,000 ላይ የፊት ነፋሱ 60 ኖት፣ 34,000 ላይ 30 ከሆነ የመሬት ፍጥነቱ ከላይ 430፣ ከታች 460 ይሆናል፤ ከታች ያለው ሰባት ከመቶ ይበልጣል። ከተሻለው ከፍታ 4,000 ጫማ ዝቅ ማለት የሚያስከፍለው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአራት እስከ አምስት ከመቶ ነው። እንዲህ ባለው ሌሊት 34,000 መምረጥ ትክክል ነው። ሠንጠረዡ አሁንም ቀይ ይለዋል፤ ስለዚህ ወጣቱ በእያንዳንዱ እንዲህ ባለ ፕላን ላይ የሁለቱን ከፍታዎች ነፋስ አስቀድሞ በማስታወሻው ውስጥ ይጽፋል።