ያቺ ሳጥን

የፊዚክስ ሚድ ሳርም ዋልኩ። ልጆች፣ ጉድ የሠራቻችሁ 30 ዲግሪ ባዘነበለው ጣውላ ላይ የምትንሸራተተው፣ አክስለሬሽኗን ፈልጉ የተባላችሁት የ10 ኪሎ ሳጥን ናት። ብዙዎቻችሁ ኖርማል ፎርሱን ከክብደቷ ጋር አስተካክላችሁ 100 ኒውተን ብላችኋል (g 10 ነው ተብሎ ተሰጥቷል)። ጣውላው ዘንበል ብሏል እኮ! mg cos 30° ነው፣ 87 ገደማ። ኮፊሸንቱ 0.2 ስለሆነ ፍሪክሽኑ 17.3 እንጂ 20 አይደለም። አክስለሬሽኑም 3.27 ይመጣል። የእናንተው ድፍን 3 ስለወጣ ነው መሰለኝ ያመናችሁት።

እስቲ ጣውላውን በሐሳባችሁ ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት። ሳጥኗን የሚገፋት የለም፣ ኖርማሉ ዜሮ ነው። በእናንተ አሠራር ግን አሁንም 100!

ከ6 ማርክ 2ቱ ለሥዕሉ፣ 3ቱ ለቀመሩ፣ 1ዱ ለመልሱ ነው። ኖርማሉን ስታችሁ የቀረውን በሥርዓት የሠራችሁ 4 አግኝታችኋል። ያለ ሥዕል፣ ያለ ቀመር «3» ብላችሁ የሄዳችሁ ግን ዜሮ ናችሁ፤ ቢሮ መመላለስ የለም።