ሳልጠየቅ ስለቀረበው ስሜ የሰጠሁት መልስ

በሜሪላንድ የሚገኝ አንድ የሆስፒታሎች ድርጅት የዳታቤዝ አስተዳዳሪ እንደሚፈልግ የነገረኝ ከዚህ ቀደም አብሮኝ የሠራና አሁን እዚያው ተቀጥሮ የሚገኝ ወዳጄ ነበር። እሱ በድርጅቱ የውስጥ የጥቆማ መንገድ ስሜን አስገባልኝ፤ እኔም ማመልከቻዬን በድርጅቱ በራሱ ድረ ገጽ ላክሁ። ከሰው ኃይል ክፍሉ የመጣው መልስ ግን ስሜ ቀደም ብሎ በአንድ ቅጥር ኤጀንሲ በኩል እንደቀረበ፣ ስለዚህ በቀጥታ የላክሁትን ማመልከቻ ለጊዜው ሊያዩት እንደማይችሉና ከኤጀንሲው ጋር እንድነጋገር የሚገልጽ ነበር። ኢሜይሌን ወደ ኋላ ሄጄ ስፈትሽ፣ ከዚያው ኤጀንሲ አንድ ሪክሩተር የቀጣሪውን ስም ሳይጠቅስ «ሜሪላንድ ውስጥ ለእርስዎ የሚስማማ ሥራ አለ፤ ፍላጎት አለዎት?» ብሎ እንደጻፈልኝ አገኘሁ። እኔ መልስ አልሰጠሁትም ነበር። እርሱ ግን መልሴን ሳይጠብቅ ስሜን አቅርቧል።

ብዙ ወገኖቻችን በዚህ በዋሽንግተን ዙሪያ በዳታቤዝ፣ በሶፍትዌር ፍተሻና በመሳሰለው ሙያ ተሰማርተው ስለሚገኙ፣ ይህ ነገር ሲደርስባቸው «ምን ቸገረኝ፣ ሥራ እስካገኘልኝ ድረስ» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሐሳቡ ከየት እንደሚመነጭ ይገባኛል፤ ሥራ ፈላጊ ሰው በር የሚያንኳኳለትን አይገፋም። ነገር ግን ከበስተጀርባ ያለውን ውል የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። ኤጀንሲው ለቋሚ ሥራ ሰው ሲያስቀጥር ቀጣሪው የሚከፍለው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው ከተቀጣሪው የመጀመሪያ ዓመት ደመወዝ ላይ ሲሆን፣ መጠኑም በአብዛኛው ከመቶ 15 እስከ 25 ይደርሳል። እኔ የጠየቅሁት ዓመታዊ ደመወዝ 120,000 ዶላር ነው፤ ክፍያው ከመቶ 20 ነው ብንል፣ ቀጣሪው እኔን ለመውሰድ ለኤጀንሲው 24,000 ዶላር መክፈል አለበት ማለት ነው። በዚህ ላይ በቀጣሪውና በኤጀንሲው መካከል የሚፈረመው ውል አንድ እጩ አንዴ ከቀረበ በኋላ ለስድስት ወይም ለአሥራ ሁለት ወራት በኤጀንሲው ስም ተይዞ እንዲቆይ የሚያደርግ አንቀጽ በአብዛኛው ይኖረዋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ እኔ በራሴ መንገድ ብመጣም እንኳ ክፍያው አይቀርም።

እንግዲህ በዚህ ስሌት ውስጥ እኔ የት ነኝ? በሰው ጥቆማ ያለ ምንም ክፍያ ልቀጠር የምችለው ሰው፣ ሳልጠየቅ 24,000 ዶላር የሚጠየቅብኝ እጩ ሆኛለሁ። ከእኔ ጋር ተመጣጣኝ ችሎታ ያለው ሌላ አመልካች በቀጥታ ከመጣ፣ የሰው ኃይል ክፍሉ የትኛውን እንደሚመርጥ መገመት አያስቸግርም። ከዚህም የከፋው፣ አንድ ሰው በሁለት መንገድ ሲቀርብ ብዙ ቀጣሪዎች ከኤጀንሲው ጋር የክፍያ ክርክር ውስጥ ላለመግባት ሲሉ እጩውን ጨርሰው መተዋቸው ነው። ወዳጄም ለጥቆማው ከድርጅቱ ሊያገኘው የሚችለውን ጉርሻ ያጣል፤ እርሱ ስለ ገንዘቡ አንድም ቃል አልተናገረኝም፣ እኔን ግን ከነከነኝ።

ለሪክሩተሩ ከመጻፌ በፊት በሰው ኃይል አስተዳደር ለረጅም ዓመታት የሠራች አንዲት እህታችንን አማከርኳት። «በመጀመሪያው ደብዳቤህ አትቆጣ፣ አትውቀስም፤ መረጃውን ብቻ ጠይቅ፤ በስልክ አትነጋገር፣ ሁሉም በጽሑፍ ይሁን» አለችኝ። ምክንያቷም ግልጽ ነበር፤ የተቆጣ ደብዳቤ የሚያገኘው መልስ ይቅርታ ብቻ ነው፣ በይቅርታ ውስጥ ደግሞ ቀንና ስም አይገኝም። ስለዚህ የጻፍሁት አጭር ነበር። ስሜ ለየትኛው ድርጅትና ለየትኛው የሥራ መደብ ቁጥር እንደቀረበ፣ በየትኛው ቀን እንደተላከ፣ የተላከው ሬዙሜ ራሱ ምን እንደሚመስልና ምን ያህል ደመወዝ እንደተጠቀሰ እንዲያሳውቀኝ፣ እንዲሁም ለማቅረብ ፈቃድ የሰጠሁበት ጽሑፍ ካለው እንዲልክልኝ ጠየቅሁት። የመጨረሻው ጥያቄ ዋናው ነው። በዚህ አገር የቅጥር ሥራ ውስጥ አር ቲ አር እየተባለ የሚጠራ የውክልና ፈቃድ አለ፤ ሪክሩተሩ የቀጣሪውን ስም፣ የሥራውን ዓይነትና የደመወዙን ልክ ጽፎ ይልካል፣ እጩውም «ተስማምቻለሁ» ብሎ በኢሜይል ይመልሳል። ሁለት ኤጀንሲዎች በአንድ ሰው ላይ ሲከራከሩ ቀጣሪው እንዲቀርብለት የሚጠይቀው ይህንኑ ጽሑፍና የተጻፈበትን ቀን ነው።

ሪክሩተሩ በጽሑፍ አልመለሰም፤ ደወለ። ድምፁ ትሁት ነበር። ቦታው በፍጥነት እየተሞላ ስለነበር እኔን ለመጥቀም ብሎ እንዳቀረበኝ፣ አሁን የሚቀረው ለአንድ ኢሜይል «አረጋግጣለሁ» ብዬ መመለስ ብቻ እንደሆነ ነገረኝ። ኢሜይሉ ሲደርሰኝ ደጋግሜ አነበብሁት። ኤጀንሲው ለዚህ ድርጅት ለአሥራ ሁለት ወራት ብቸኛ ወኪሌ እንደሆነ ይገልጻል፤ ፈቃዱ የተሰጠበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ደግሞ ስሜ የተላከበት ዕለት ነው። ያ ቀን እኔ ስለ ሥራው ምንም ያላወቅሁበት ቀን ነበር።

በዚህ ጉዳይ ላይ አጥብቄ የምናገረው ስለዚህች ቀን ነው። አንድ ሰው ዛሬ ቢስማማ ዛሬ መስማማቱን ይጻፍ፤ ያለፈውን ቀን አስቀድሞ መስማማቱ አድርጎ መፈረም ግን ያልሆነውን ሆነ ብሎ መመስከር ነው። ከእውነትነቱ ባሻገር ውጤቱም ከባድ ነው፤ ያን ኢሜይል ብመልስ ኤጀንሲው ያልነበረውን ማስረጃ በገዛ እጄ እሰጠዋለሁ፣ በቀጥታ ያቀረብሁት ማመልከቻም ወዲያውኑ ሁለተኛ ይሆናል፣ በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ድርጅት ሌላ ቦታ ቢከፈት እንኳ በዚያ ኤጀንሲ በኩል ካልሆነ መግባት ያስቸግረኛል። ይህ ማለት ግን ኤጀንሲ ሁሉ ይገፋ ማለት አይደለም። ስለ ሥራው ከሌላ አቅጣጫ ያልሰማሁ፣ ለሌላ ወኪልም ፈቃድ ያልሰጠሁ፣ ሥራውንም የምፈልገው ቢሆን ኖሮ፣ የዛሬውን ቀን ጽፌ፣ ደመወዜን አስተካክዬ፣ ለዚያ አንድ የሥራ መደብ ብቻ ብሎ በተወሰነ ቃል ፈቃዴን ልሰጥ እችል ነበር።

የተላከውን ሬዙሜ በሁለተኛው ጥያቄዬ አገኘሁት፤ ያየሁትም አሳዘነኝ። በራስጌው ላይ ስልኬና ኢሜይሌ ተሰርዘው የኤጀንሲው አርማ ገብቷል፤ ይህ በሙያው የተለመደ ነው፣ ቀጣሪው በቀጥታ እንዳይደውል የሚደረግ ነው። ነገር ግን ሬዙሜው ከዓመታት በፊት በአንድ የሥራ ማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ የጫንሁት አሮጌ ቅጂ ነበር። ይህን ያወቅሁት አሌክሳንድሪያ ስኖር የነበረኝ አድራሻ በላዩ ላይ ስለነበረና የአሁኑ ሥራዬ ስላልተጠቀሰ ነው። የምፈልገው ደመወዝ 105,000 ዶላር ተብሎ ተጽፏል፤ እንዲህ ያለ ቁጥር ለማንም ሰጥቼ አላውቅም። ሥራ ለመጀመርም ወዲያውኑ ዝግጁ እንደሆንሁ ተገልጿል፤ እኔ ግን አሁን ለምሠራበት መሥሪያ ቤት አስቀድሜ ማሳወቅ ይገባኛል። እንግዲህ የሰው ኃይል ክፍሉ ሁለት የተለያዩ እኔዎችን ይዞ ነበር፤ አንዱ 120,000 የሚጠይቅ፣ ሌላው 105,000 የሚጠይቅና ሥራ የሌለው የሚመስል። ያላየው ሬዙሜ ስለ ራሱ የሚናገርበት ሰው በቃለ መጠይቅ ላይ ቢጠየቅ የሚዋሽ ይመስላል፤ ከገንዘቡ ይልቅ ያንገበገበኝ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ሁለት ደብዳቤ ጻፍሁ። ለሪክሩተሩና ለኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ በአንድነት የጻፍሁት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ለዚህ የሥራ መደብም ሆነ ለዚህ ድርጅት እንድታቀርቡኝ ፈቃድ አልሰጠሁም፤ ወደ ኋላ በሚቆጠር ቀንም አልሰጥም። ስሜን ከማቅረባችሁ እንድታነሡና ማንሣታችሁን ለድርጅቱ በጽሑፍ አሳውቃችሁ ቅጂውን እንድትልኩልኝ እጠይቃለሁ። ከዛሬ ጀምሮ የቀጣሪውን ስምና ደመወዙን አስቀድማችሁ ገልጻችሁ የጽሑፍ ፈቃዴን ሳታገኙ ለማንም እንዳታቀርቡኝ።» ለሰው ኃይል ክፍሉ የጻፍሁት ከዚህም አጭር ነበር። ኤጀንሲውን አላማረርሁም፤ ፈቃድ እንዳልሰጠሁ፣ በጥቆማና በቀጥታ እንዳመለከትሁ፣ የእኔ ትክክለኛ ሬዙሜ ከደብዳቤው ጋር የተያያዘው ብቻ እንደሆነ፣ ኤጀንሲው ፈቃድ አለኝ የሚል ከሆነም ጽሑፉን እንዲጠይቁት ገለጽሁ። ማጉረምረም ለቀጣሪው የሚነግረው እጩው ከጭቅጭቅ ጋር እንደሚመጣ ነው፤ ቀንና ሰነድ ግን የሰው ኃይል ሠራተኛዋ በእጇ ይዛ ልትሠራበት የምትችለው ነገር ነው።

በአውሮፓ የምትኖሩ አንባቢዎች ከእኛ የተሻለ መያዣ አላችሁ። ከግንቦት 2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የአውሮፓ ኅብረት የግል መረጃ ጥበቃ ደንብ በአንቀጽ 14፣ መረጃችሁን ከእናንተ ሳይሆን ከሌላ ቦታ ያገኘ አካል ቢበዛ በአንድ ወር ውስጥ፣ ለሌላ የሚያስተላልፈው ከሆነ ደግሞ ቢዘገይ መጀመሪያ በሚያስተላልፍበት ጊዜ እንዲያሳውቃችሁ ያዛል። በአንቀጽ 15 የያዘውን መረጃ ቅጂ፣ በአንቀጽ 17 ደግሞ መሰረዝን መጠየቅ ትችላላችሁ። እንግሊዝ አገርም በ2003 የወጣው የቅጥር ኤጀንሲዎች ደንብ ኤጀንሲው ሰውን ከማቅረቡ በፊት ያ ሰው በቦታው ለመሥራት ፈቃደኛ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ይጠይቃል። በዚያ የምትኖሩ የአንቀጹን ቁጥር በደብዳቤው ላይ ብትጽፉ መልሱ ይፈጥናል ብዬ አምናለሁ።

የሰው ኃይል ክፍሉ ኤጀንሲውን የፈቃድ ጽሑፍ ጠየቀው፤ አላቀረበም። በኤጀንሲው በኩል የገባው ስሜ ተነሥቶ በቀጥታ ያስገባሁት ማመልከቻ ከወዳጄ ጥቆማ ጋር እንደገና ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ቃለ መጠይቅም በስልክ ተደርጎ ደመወዙ በ120,000 ዶላር ላይ ተመሥርቶ ውይይቱ ቀጥሏል። የኤጀንሲው ሥራ አስኪያጅ ስሜን ማንሣታቸውን የሚያሳይ ቅጂ ልኮልኛል። አሮጌውን ሬዙሜ ከመዝገባቸው እንዲሰርዙ የጠየቅሁት ግን ገና አልተመለሰም፤ በመጀመሪያ ከተጫነበት ድረ ገጽ ላይ እኔው አጥፍቼዋለሁ፣ ለእነርሱም በዚህ ሳምንት መጨረሻ በድጋሚ እጽፋለሁ።