የግብር ስሌቱ ተደምሮ ካለቀ በኋላ

የዓመቱ የትርፍ ግብር ስሌት ተሠርቶ ኃላፊያችን ጠረጴዛ ላይ ደረሰ። ያዘጋጀው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ጠንቃቃ ልጅ ነው። «ድምሩን ሁለቴ አይቼዋለሁ፣ ልክ ነው» አላት። እውነቱን ነው፣ ድምሩ ልክ ነበር።

እሷ ግን ድምሩን አልነካችውም። ካልኩሌተሯን አወጣችና የመጨረሻውን ግብር 1,590,600ን በሒሳብ ትርፉ በ4,000,000 አካፈለችው። ወደ 40 በመቶ መጣ። የግብር ምጣኔው ደግሞ 30 በመቶ ነው።

ይህ ብቻውን ስህተት አለ አያሰኝም። እንደ ቅጣት ያለ በግብር ሕጉ የማይፈቀድ ወጪ ከበዛ፣ ግብሩ ለትርፉ ሲካፈል ከ30 በላይ መውጣቱ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ልዩነቱ ምን ማለት እንደሆነ አሰላች። የትርፉ 30 በመቶ 1,200,000 ነው። የተረፈው 390,600 ለ0.30 ሲካፈል 1,302,000 ይሆናል። ይህ ማለት ስሌቱ ትርፉ ላይ 1.3 ሚሊዮን የተጣራ ጭማሪ አድርጓል ማለት ነው።

«ይሄን ያህል የማይፈቀድ ወጪ የት አለን?» አለችው። ዝም አለ።

ከዚያ ስሌቱን ገልብጣ አስቀመጠችና ባዶ ወረቀት ላይ የራሷን ግምት ጻፈች። ቁጥሮቹን ከስሌቱ አይደለም የወሰደችው፣ ከምንጫቸው ነው። ይህን ነገር በጣም ወድጄላታለሁ፤ ስሌቱን እያዩ የሚገምት ሰው ግምቱ ሳያውቀው ወደ ስሌቱ ይጎተታል። በትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ያለው የእርጅና ወጪ 620,000 ነው፣ ይጨመራል። የማይፈቀዱ ወጪዎች 100,000 ናቸው፣ እነሱም ይጨመራሉ። በግብር ሕጉ የሚፈቀደው የእርጅና ተቀናሽ በቋሚ ንብረት መዝገቡ 750,000 ነው፣ ይቀነሳል። ከግብር ነፃ የሆነው ገቢ 150,000ም እንዲሁ። ሲጣራ ቅናሽ 180,000 ነው። ስለዚህ ግብሩ ከ30 በመቶ ትንሽ ዝቅ ማለት ነበረበት እንጂ ወደ 40 መውጣት አልነበረበትም። መጠኑ ቀርቶ አቅጣጫው ራሱ ተሳስቷል።

በ1,302,000 ጭማሪና በ180,000 ቅናሽ መካከል ያለው ርቀት 1,482,000 ነው። ለሁለት ከፈለችው፣ 741,000። ለምን ለሁለት? መቀነስ የነበረበት ቁጥር ከተደመረ ልዩነቱ የቁጥሩ እጥፍ ስለሚሆን ነው። ከዝርዝሩ ውስጥ 741,000 የሚጠጋው 750,000 ብቻ ነው። ስሌቱን ገልጠን አየነው። ኤክሴሉ ተቀናሾች በመቀነስ ምልክት እንዲገቡና ሁሉም በአንድ `SUM` እንዲደመሩ ተደርጎ የተሠራ ነው። የእርጅና ተቀናሹ ግን ከንብረት መዝገቡ ኮፒ ተደርጎ ስለተለጠፈ ያለ ምልክት ገብቷል። ድምሩን መቶ ጊዜ ብታየው ልክ ነው የሚልህ ለዚህ ነው።

ልጁ ምልክቱን አስተካከለ። ግብሩ ወደ 1,140,600 ወረደ፤ ከትርፉ 28.5 በመቶ ገደማ ነው። ፋይሉን ሊዘጋ ሲል «ቆይ እስቲ» አለችው። 741 እና 750 አልገጠሙም፤ መሃላቸው 9,000 አለ። ልዩነቱን ለሁለት ከፍላ ስለነበር ያልተፈታው 18,000 ነው ማለት ነው።

18,000 ለ9 ያለ ቀሪ ይካፈላል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ቦታ ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 ይካፈላል። እርግጥ ከዘጠኝ ተከታታይ ቁጥሮች አንዱ በአጋጣሚም ይካፈላል፣ ስለዚህ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ግን የት እንደምትፈልግ ይጠቁማል። በእጅ የገባውን የእርጅና ወጪ አየነው፦ 602,000 ይላል። መግለጫው ላይ ያለው 620,000 ነው።

ይቺን ሁለተኛዋን ስህተት ግብሩን ለትርፉ በማካፈል ብቻ ማንም አይደርስባትም ነበር። ግብሩ ላይ የምታመጣው ለውጥ 5,400 ነው፤ ግብሩ ከትርፉ ያለው ድርሻ ከ28.5 ወደ 28.65 በመቶ ቢሄድ ማን ልብ ይላል? የተያዘችው የመጀመሪያው ልዩነት እስከ መጨረሻው እንዲገጥም ስለተፈለገ ነው። «ወደ 750 ይጠጋል፣ በቃ» ተብሎ ቢታለፍ ኖሮ አብራ ታልፍ ነበር።

እኔ በግሌ ካለፈው ዓመት ጋር ማወዳደርን ብቻ የሚያምኑ ሰዎች አይገቡኝም። አምና የተሳሳተ ፋይል ዘንድሮም ከተገለበጠ ሁለቱ ዓመታት አምረው ይመሳሰላሉ። የማካፈሉ ዘዴም ቢሆን የማይሠራበት ጊዜ አለ። ትርፉ በጣም ትንሽ ከሆነ አንዲት ቅጣት ድርሻውን 80 በመቶ ልታደርሰው ትችላለች፤ በኪሳራ ዓመት ደግሞ ጭራሽ ትርጉም የለውም። እንዲህ ሲሆን ኃላፊያችን ካልኩሌተሩን ትታ በቀጥታ ወደ ባዶ ወረቀቷ ነው የምትሄደው።