የጠየቅኳት 600 እና ያልጠየቅኳት 140

ደመወዝ ከተጨመረልኝ ሦስተኛ ወሩ ነበር። መሠረታዊ ደመወዜ ከ10,000 ወደ 12,000 አድጓል። ባንክ የሚገባልኝ ግን ከ8,650 ወደ 10,050 ብቻ ነው ከፍ ያለው። 2,000 ተጨምሮልኝ እጄ የደረሰው 1,400 ነው። 600ዋ የት ገባች?

ሁለት ወር ዝም ብዬ አሳለፍኩ። ቢሮ ውስጥ ስናወራ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «ወደ 30 በመቶው የግብር ደረጃ አልፈሃል፤ ከእንግዲህ ደመወዝህ በሙሉ በ30 በመቶ ነው የሚቆረጠው» አለኝ። ሌሎቹም አዎ አሉ። እኔም አመንኩ። ጭማሪው ይልቁንም ጎዳኝ ብዬ ተናደድኩና የደመወዝ ወረቀቴን ይዤ ፋይናንስ ክፍል ሄድኩ።

ደመወዝ የሚሠሩት ሴት ብዙ ዓመት እዚያው ወንበር ላይ የቆዩ ናቸው። ቅሬታዬን ሳያቋርጡ ሰሙኝ። ከዚያ እርሳስ አነሱና ወረቀቱን በመካከላችን አስቀመጡት።

«በል፣ ከላይ እንጀምር። አንተ እኮ የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው ያነበብከው።»

የመጀመሪያው መስመር መሠረታዊ ደመወዝ፣ 12,000። ሁለተኛው የትራንስፖርት አበል፣ 1,000። ድምሩ 13,000፣ ጠቅላላ ክፍያ ይለዋል። እዚህ ላይ እርሳሳቸውን አሳረፉ። «ግብርም ጡረታም ከዚህ 13,000 ላይ የሚሰላ ይመስልሃል። አይደለም። አበሉ በሕግ ከተፈቀደው መጠን ስላላለፈ ግብር የለበትም። ግብሩ የሚሰላው ከ12,000ው ላይ ነው። ጡረታውም ከመሠረታዊው ብቻ ነው።»

ይህን ከዚያ በፊት ማንም አልነገረኝም። ጠቅላላ፣ ግብር የሚከፈልበት እና ጡረታ የሚሰላበት ገቢ ሦስት የተለያዩ ቁጥሮች ሊሆኑ ይችላሉ። ወረቀቱ ላይ ጎን ለጎን ስለማይጻፉ ሰው ሁሉንም ከጠቅላላው ላይ ያሰላና «ተበላሁ» ይላል።

ወደ ግብሩ መስመር ስንደርስ ባዶ ወረቀት ሳቡ። ደመወዜን እንደ ደረጃ ከፋፍለው ጻፉት። የመጀመሪያው 2,000 ግብር የለበትም። ከዚያ እስከ 4,000 ያለው በ15 በመቶ ሲሰላ 300 ይሆናል። ከ4,000 እስከ 7,000 ያለው በ20 በመቶ 600 ነው። ከ7,000 እስከ 10,000 በ25 በመቶ 750። እዚህ ድረስ ሲደመር 1,650 ይመጣል። ድሮ በ10,000 ደመወዝ ስከፍለው የነበረው ግብር ይኸው ነው።

«አሁን 2,000 ተጨመረልህ። 30 በመቶው የሚያርፈው በዚህች 2,000 ላይ ብቻ ነው። ስንት ይሆናል?»

«600» አልኩ።

«ጨምራት። 2,250። ወረቀትህ ላይስ ስንት ይላል?»

2,250 ይላል። ደመወዜ በሙሉ በ30 በመቶ ተቆርጦ ቢሆን ኖሮ 3,600 ነበር የሚጻፈው። ቁጥሩ ሦስት ወር ሙሉ ዓይኔ ሥር ነበር። ባልደረባዬ የነገረኝ ሐሰት መሆኑን አንድ ማባዛት ብቻ ያሳየኝ ነበር። በደረጃ በሚሰላ ግብር ከፍ ያለው መቶኛ ከታች ያለውን ገንዘብ አይነካም። ስለዚህ ወደ ላይኛው ደረጃ ማለፍ ብቻውን እጅ የሚገባውን አይቀንስም። በዚህ ፍርሃት የትርፍ ሰዓት ሥራ አልሠራም ያሉ ሰዎች አውቃለሁ። በጣም ያሳዝነኛል።

600ዋ ተገኘች። ልነሳ ስል ሴትዮዋ ፊታቸው ተለወጠ። «ቆይ» አሉኝ። «2,000 ጨምረን 600 ግብር ብቻ ከቀነስን፣ በትክክል 1,400 ነው የሚቀረው። ታዲያ ጡረታው የት ሄደ?»

እኔ አልገባኝም። እርሳሱን ወደ ጡረታ መዋጮው መስመር ወሰዱት። 700 ይላል። የእኔ ድርሻ ከመሠረታዊ ደመወዝ 7 በመቶ ነው። 700 የ10,000 ሰባት በመቶ ነው። የ12,000 ግን 840 ነው። ደመወዜ ሲጨምር ጡረታው ቆሞ ቀርቷል ማለት ነው።

ከታች ደግሞ «የአሠሪ መዋጮ 1,100» የሚል ነበር። እኔ ይህንንም ከእኔ የሚቆረጥ ይመስለኝ ነበር። አይደለም። መሥሪያ ቤቱ ከራሱ የሚከፍለው 11 በመቶ ነው፤ ከደመወዜ ላይ አይነሳም። እሱም በአሮጌው 10,000 ላይ ቆሟል። 1,320 መሆን ነበረበት።

እንግዲህ ትክክለኛው የተጣራ ክፍያዬ 9,910 ነበር፤ 13,000 ሲቀነስ 2,250፣ ሲቀነስ 840። በየወሩ 140 ትርፍ ሲገባልኝ ከርሟል። በሌላ በኩል ግን የእኔ 140 እና የመሥሪያ ቤቱ 220፣ ማለትም በወር 360 ወደ ጡረታዬ አልገባም። ከዚያም የሚከፋው፣ ጡረታ ሰብሳቢው ዘንድ ደመወዜ አሁንም 10,000 ተብሎ ነው የተመዘገበው። ኋላ ጡረታዬ ሲሰላ መነሻ የሚሆነው ያ የተመዘገበው ደመወዝ ነው።

እንዲህ ያለ ስህተት ለዓመታት ተደብቆ መቆየት ይችላል። ባንክ የገባው ገንዘብ ስለሚበዛ ማንም ቅሬታ አያቀርብም። እኔም የሄድኩት ልክ በነበረው መስመር ላይ ለመጨቃጨቅ ነበር።

የስህተቱን ምክንያት እዚያው አገኙት። በኮምፒውተሩ ላይ ጡረታ የሚሰላበት ደመወዝ ለብቻው የሚሞላ ቦታ አለው። ጭማሪው ሲመዘገብ አንደኛው ቦታ ተስተካክሎ ሌላው ተረስቷል። ከዚያ በኋላ አንድ ቀላል ማጣሪያ አስተማሩኝ። የጡረታ መዋጮውን ለመሠረታዊው ደመወዝ ማካፈል ነው። ልክ ከሆነ በየወሩ ያው መቶኛ ይመጣል። የእኔን ስናካፍል 5.8 በመቶ ገደማ መጣ። ይህን ለማድረግ የግብር ሰንጠረዥ እንኳን አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን ልናገር። እነዚህ መቶኛዎች የእኔ ወረቀት ላይ የነበሩት ናቸው፤ በየአገሩ ይለያያሉ። ቅደም ተከተሉም ይለያያል። እኔ ዘንድ ጡረታ ከግብር በፊት አይቀነስም። መጀመሪያ ጡረታ ተቀንሶ ቀሪው ላይ ግብር የሚሰላበት ቦታ አለ። እዚያ ግብሩ በመጠኑ ያነሰ ይሆናል። የራሳችሁን ስታሰሉ ልክ አልመጣ ካለ መጀመሪያ ይህን ጠይቁ።

በአራተኛው ወር ወረቀቴ ላይ አዲስ መስመር ተጨመረ፤ «የጡረታ ውዝፍ 420»። የሦስት ወሩ 140 ነው። ጡረታው 840፣ የአሠሪው 1,320 ሆኗል። መሥሪያ ቤቱም የራሱን የሦስት ወር 660 ገቢ አድርጎ ደረሰኙን አሳዩኝ። በዚያ ወር ባንክ የገባልኝ 9,490 ነበር። ከዚያ በፊት ቢሆን ይህን ቁጥር ሳይ በንዴት ነበር የምሮጠው። አሁን ግን ከላይ ጀምሬ አሰላሁት፤ ልክ ነው።

ሴትዮዋ በዚያው ሳምንት ከእኔ ጋር ጭማሪ ያገኙትን ሁሉ ወረቀት አውጥተው ጡረታውን ለመሠረታዊው እያካፈሉ ሲያዩ ዋሉ። ያ 30 በመቶ ያለኝ ባልደረባዬም ወረቀት ላይ 5.8 ነበር የመጣው።