ከሪያድ የመጣው 2,350 ሪያል ስንት ብር ነው?

ጅማ ውስጥ ዘመድ ዓረብ አገር የሌለው ቤት ማግኘት ይከብዳል። በዚያ ላይ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ ስለሚወሰን ትናንት የሰማችሁት ተመን ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ስለዚህ የባንኮች የተመን ሠንጠረዥ ስክሪንሾት በቴሌግራም ከስልክ ስልክ ይዞራል።

መርካቶ አካባቢ ቡና የሚነግዱ ጎረቤቴም እንዲህ ያለ ምስል ይዘው መጡ። እህታቸው ከሪያድ 2,350 ሪያል በባንክ ልትልክላቸው ነው። ልጃቸው አስልቶ 87,255 ብር ከ50 ሳንቲም ብሏቸዋል። እሳቸው ግን ልባቸው አላመነም።

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀኑን ነው። ምስሉ ዛሬ ስለደረሰ ተመኑም የዛሬ ነው ማለት አይደለም፤ ሠንጠረዡ አናት ላይ የተጻፈው ቀን ነው የሚታመነው። ደግነቱ የዕለቱ ነበር። የሪያል መስመር ላይ አራት ቁጥሮች አሉ፦

```
SAR
Cash Buying          36.20
Cash Selling         36.92
Transaction Buying   36.40
Transaction Selling  37.13
```

ልጁ የወሰደው የመጨረሻውን፣ ትልቁን ነው። Buying እና Selling የተጻፉት በባንኩ ወገን ሆኖ ነው። ባንኩ ሪያል ሲገዛ የሚከፍለው Buying፣ ሲሸጥ የሚያስከፍለው Selling ነው። «እትዬ፣ እርስዎ ቡና ከገበሬ የሚገዙበትና ለነጋዴ የሚሸጡበት ዋጋ አንድ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ሳቁ። «ታዲያ እኔ ምን በላሁ!» አሉ። ከዚያ በኋላ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

Cash የሚለው የወረቀት ገንዘብ ይዞ መስኮት ላይ ለሚቀርብ ሰው ነው። በሐዋላ ለሚመጣ ገንዘብ Transaction ይታያል። አንዳንድ ባንክ ሁለቱን እኩል ያደርጋቸዋል፤ እዚህ ግን ይለያያሉ። ስለዚህ የእኛ ቁጥር Transaction Buying ነው።

ችግሩ ምስሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ደብዝዟል። ከላይ 36.40 ብዬ ያሰፈርኩት ቁጥር በምስሉ ላይ 36.40 ይሁን 38.40 በዓይን መለየት አልተቻለም። በ2,350 ሪያል ላይ ይህ የ4,700 ብር ልዩነት ነው። ማጉላትም አልረዳም፤ የደበዘዘ ምስል ሲጎላ ይብስበታል።

እዚህ ላይ የምወደው ዘዴ አለ። የሳዑዲ ሪያል ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፤ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ዶላር 3.75 ሪያል ነው። ስለዚህ ዶላሩን በ3.75 ስታካፍሉ የሪያሉ ተመን አጠገብ መድረስ አለባችሁ። በዚያው ምስል የዶላሩ Transaction Buying በደንብ ይነበባል፤ 136.50 ይላል።

```
136.50 ÷ 3.75 = 36.40
```

ቁጥሩ 36 ነው፤ 38 ሊሆን አይችልም። ሁልጊዜ እንዲህ ልክ ላይ አይወድቅም፣ በሳንቲም ሊያፈነግጥ ይችላል። የሁለት ብር ልዩነት ካያችሁ ግን ንባቡን ተጠራጠሩ። ለዱባይ ድርሃምም ይሠራል፤ የእሱ ማካፈያ 3.6725 ነው። ለዩሮና ለፓውንድ አይሠራም፤ እነሱ ከዶላር ጋር አልታሰሩም።

ከዚያ ስሌቱን እሳቸው ራሳቸው እንዲከተሉት ከፋፍዬ ወረቀት ላይ ጻፍኩት። የካልኩሌተር መልስ ብቻ ማሳየት ሌላ ክርክር ነው የሚያመጣው።

```
1 SAR = 36.40 ብር
2,000 × 36.40 = 72,800
  300 × 36.40 = 10,920
   50 × 36.40 =  1,820
ድምር            85,540 ብር
```

ከሥሩ የሠንጠረዡን ቀን እና Transaction Buying የሚለውን ጨመርኩ። ሌላ ሰው ቢያየው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ይገባዋል። ከልጁ ስሌት በ1,715 ብር ከ50 ሳንቲም ያንሳል። የ73 ሳንቲም ልዩነት በ2,350 ሲባዛ ማለት ነው። ልጁም ወረቀቱን አይቶ ዝም አለ።

አንድ ነገር ግን ነገርኳቸው። ይህ ግምት የሚይዘው ሪያሉ ወደ ብር የሚቀየረው እዚህ ባንክ ሲደርስ፣ ያውም በዚያ ቀን ተመን ከሆነ ነው። እህታቸው የምትልክበት ድርጅት እዚያው ሪያድ ላይ ወደ ብር ቀይሮ ከላከው ደረሰኙ ላይ ያለው ብር ነው የሚከፈለው። የእኛ ሠንጠረዥ አያገባውም። «ደረሰኙን ፎቶ አንስታ ትላክልን» ብለው ወዲያው ደወሉላት።

ስልኩን ሳይዘጉ ሌላ ጥያቄ መጣ። ለቤት ክዳን ቆርቆሮ 100,000 ብር ሙሉ ቢያስፈልግስ ስንት ሪያል ትላክ? አሁን ማካፈል ነው።

```
100,000 ÷ 36.40 = 2,747.25
```

ወደ ላይ አጠጋጋሁት፤ ወደ ታች 2,747 ቢባል 9 ብር ከ20 ሳንቲም ይጎድላል። 2,748 ሲባል 100,027 ብር ከ20 ሳንቲም ይሆናል። ተመኑ እስክትልክ ዝቅ ሊል ስለሚችል 2,800 አድርጊው አሏት። እህትየዋ ምን እንደመለሰች አልሰማሁም፤ እትዬ ግን ስልኩን ከጆሯቸው ትንሽ ራቅ አደረጉት።