ሬሾ ፍለጋ፦ ቀንድ አውጣው፣ ጠርሙሱና ሦስቱ ዳኞች

ረጅም ፍርድ ማንበብ ልለማመድ ብዬ ከተነሣሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። የደረስኩበትን ልንገራችሁ፣ በተለይ ደግሞ የተሸወድኩበትን።

መነሻው አንድ ሀፍረት ነው። ደሴ ላይ በያዝኩት ጉዳይ በክርክሬ ውስጥ አንድ የሰበር ውሳኔ ጠቀስኩ። የጠቀስኩት ዓረፍተ ነገር እንደ ግጥም የሚነበብ ነበር። የተቃራኒ ወገን ጠበቃ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሽማግሌ፣ ብድግ አሉና «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ይህ ችሎቱ የወሰነው አይደለም፤ እግረ መንገዱን የተናገረው ነው» ብለው ቁጭ አሉ። መልስ አልነበረኝም። ከችሎት ስንወጣ ትከሻዬን መታ አድርገው «ልጄ፣ የተጻፈ ሁሉ አይፈረድም» አሉኝ።

የእሳቸው «እግረ መንገዱን» ነው ኦቢተር ዲክታ የሚባለው። ዳኛው ወደ ውሳኔው ሲሄድ በጎን የጣለው ሐሳብ ነው። ሬሾ ዴሲዴንዳይ ደግሞ ውሳኔው የቆመበት የሕግ ምክንያት ነው፣ የጎጆው ምሰሶ በሉት። ሌላውን ፍርድ ቤት የሚያስረው ምሰሶው ነው። እግረ መንገድ የተባለው ያሳምን ይሆናል እንጂ አያስገድድም። ትርጉሙን ሕግ ትምህርት ቤት በአንደኛ ዓመት ሸምድደነዋል። ችግሩ ስልሳ ገጽ ውስጥ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየቱ ላይ ነው።

ስለዚህ ከእናት አገሩ ልጀምር ብዬ የእንግሊዞቹን ታዋቂ ፍርድ ያዝኩ፦ ዶናሁ በስቲቨንሰን ላይ፣ 1932 እ.ኤ.አ.። ታሪኩን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሚስስ ዶናሁ በ1928 ስኮትላንድ ውስጥ ፔይዝሊ በምትባል ከተማ ከጓደኛዋ ጋር ካፌ ገባች። ጓደኛዋ ከፍላ የዝንጅብል ለስላሳ አዘዘችላት። ጠርሙሱ ጥቁር ነው፣ ውስጡ አያሳይም። ከለስላሳው ጠጣች። የቀረው ሲቀዳ የበሰበሰ ቀንድ አውጣ ብቅ አለ። ታመምኩ ብላ አምራቹን ስቲቨንሰንን ከሰሰች። የከፈለችው ጓደኛዋ ስለሆነች ከካፌውም ከአምራቹም ጋር ውል የላትም። ታዲያ ውል የሌለው ሰው አምራቹን በቸልተኝነት መክሰስ ይችላል ወይ? የላይኛው የእንግሊዝ ፍርድ ቤት፣ ሃውስ ኦፍ ሎርድስ፣ ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ ይችላል አለ።

የመጀመሪያው ሽወዳዬ እዚህ ላይ ነው። ፍርዱን ከላይ ወደ ታች ማንበብ ጀመርኩ። አምስት ዳኞች እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጽፈዋል። መጀመሪያ የሚመጣው የሎርድ በክማስተር ነው። ሁለት ምሽት ፈጀሁበት። ማስታወሻ ያዝኩ፣ አሰመርኩ። እሱ የሚለው፣ ዕቃው በተፈጥሮው አደገኛ ካልሆነ ወይም አምራቹ ጉድለቱን ካላወቀ በስተቀር ውል ለሌለው ሰው ኃላፊነት የለበትም ነው። አንድ እርምጃ ከፈቀድን ሃምሳውን በምን እንከለክላለን ብሎም ይጠይቃል። አሳመነኝ። ሬሾ ብዬ ካርዴ ላይ ጻፍኩት። በሦስተኛው ምሽት መጨረሻውን ሳነብ በክማስተር ለካ ተሸናፊው ወገን ነው! ያሰመርኩት በሙሉ የልዩነት ሐሳብ ነበር። ጓደኛዬ ቡናውን እስኪያስነጥሰው ሳቀብኝ።

ከዚያ ወዲህ ከመጨረሻው ነው የምጀምረው። መጀመሪያ ማን አሸነፈ፣ ምን ታዘዘ? ቀጥሎ የትኞቹ ዳኞች ለዚያ ትእዛዝ ድምፅ ሰጡ? እዚህ ላይ አትኪን፣ ታንከርተንና ማክሚላን ናቸው። በክማስተርና ቶምሊን ወጡ። ሬሾውን ከሦስቱ ውጪ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

ሁለተኛው ነገር ጥያቄው ነው። ፍርድ ቤቱ ፊት የቀረበው ጭብጥ በትክክል ምን ነበር? «ቀንድ አውጣ ነበረ ወይስ አልነበረም» አይደለም። ጉዳዩ እዚያ የደረሰው እኛ «የክስ ምክንያት የለውም» በምንለው ዓይነት መቃወሚያ ነው። ከሳሽ ያለችው ሁሉ እውነት ነው ተብሎ ቢወሰድ ሕጉ ክሱን ይቀበለዋል ወይ? ይኸው ብቻ ነው። ቀንድ አውጣው መኖሩ በማስረጃ ተጣርቶ አያውቅም፤ ጉዳዩ ኋላ በስምምነት አለቀ። ስለዚህ «ፍርድ ቤቱ ስቲቨንሰን ቸልተኛ ነበር ብሎ ወሰነ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ጭብጡን አላየም ማለት ነው።

ሦስተኛው ላይ ብዙ ቆየሁ። በዚህ ፍርድ ውስጥ ሁሉም ሰው የሚጠቅሰው የአትኪን የጎረቤት ንግግር ነው። ጎረቤትህን ውደድ የሚለው ትእዛዝ በሕግ ጎረቤትህን አትጉዳ ይሆናል ይላል። ጎረቤቴ ማነው ለሚለውም፣ በምሠራው ሥራ ይነካል ብዬ ላስበው የሚገባኝ ሰው ሁሉ ነው ብሎ ይመልሳል። የሚያምር ነገር ነው። እኔም ከበክማስተር ውርደት በኋላ ካርዱን ቀድጄ ይህን ጻፍኩ። ሬሾው ተገኘ ብዬ ጮቤ ረገጥኩ።

ጓደኛዬ ግን «ምሰሶውን ንቀለውና እንይ» አለኝ። ይህ ዋምቦ የተባለ አሜሪካዊ የሕግ ምሁር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ያስተዋወቀው ፈተና ነው። ሬሾ ነው ያልከውን ዓረፍተ ነገር ትወስዳለህ። ተቃራኒውን ትጽፋለህ። ዳኛው ያንን ተቃራኒ ቢቀበል ኖሮ ውሳኔው ይቀየር ነበር? ካልተቀየረ ያ ዓረፍተ ነገር ምሰሶ አልነበረም።

ሞከርነው። «ላስበው ለሚገባኝ ሰው ሁሉ የጥንቃቄ ግዴታ የለብኝም» ብለን ጻፍን። አሁን ሚስስ ዶናሁ ትሸነፋለች? የግድ አትሸነፍም። ለሰው ሁሉ ግዴታ ባይኖርም ለምግብና ለመጠጥ አምራች ብቻ ሊኖር ይችላል። ደግሞ ሌሎቹን ሁለቱን ተመልከቱ። ታንከርተን የቆመው አምራቹ ጠርሙሱን አሽጎ፣ መሀል ላይ ማንም እንዳያየው አድርጎ፣ ራሱን ከጠጪው ጋር በቀጥታ አገናኝቷል በሚለው ላይ ነው። ማክሚላንም የሚያወራው ለሰው ምግብና መጠጥ ስለሚያመርት ሰው ነው። ሁለቱም የጎረቤቱን ንግግር በዚያ ስፋቱ የእኔም ነው አላሉም። የአንድ ሰው ድምፅ ከአምስት ብዙኃን አይሆንም።

እንግዲህ ጠበብ ያለውን ጻፍን፦ አምራች ምርቱን ከእጁ በወጣበት መልክ ለመጨረሻው ተጠቃሚ እንዲደርስ አስቦ ከሸጠ፣ መሀል ላይ የመመርመር ዕድል ከሌለ፣ ጥንቃቄ ቢጎድል ተጠቃሚው እንደሚጎዳ ካወቀ፣ ለተጠቃሚው የጥንቃቄ ግዴታ አለበት። አትኪን ራሱ ንግግሩን የሚዘጋው ወደዚህ በሚጠጋ አገላለጽ ነው። ተቃራኒውን ስትጽፉት ሚስስ ዶናሁ ወዲያው ትወድቃለች። ጎጆው ተናደ። ምሰሶው ይኸ ነው።

ቡና የምታፈላልን እትዬ የሁለታችንን ክርክር ስትሰማ ቆይታ «ጠርሙሱ ነጭ ቢሆንስ?» አለች። ይህን ጥያቄ ሳላሳልፍ ልጻፈው፣ ምክንያቱም የቀረውን ሳምንት የበላው እሱ ነው። ከሳጥኑ ሁለት ባዶ ጠርሙስ አምጥታ አንዱን ነጭ፣ አንዱን ቡናማ፣ ለመብራቱ ያዝነው። በነጩ ውስጥ የጦሳ ተራራ ጭምር የሚታይ ይመስላል። በቡናማው የራሴን ጣት አላየሁም። የጠርሙሱ ጥቁርነት እንግዲህ ማሳመሪያ ነው ወይስ ወሳኝ ፍሬ ነገር?

ይህን የሚመልሰው ፍርዱ ብቻውን አይደለም፤ ከኋላው የመጡት ናቸው። እዚያው 1932 ውስጥ ፋር በበተርስ ብራዘርስ ላይ የሚባል ጉዳይ መጣ። ክሬን በክፍል በክፍል ተልኮ ነው የመጣው። የሚገጥመው ባለሙያ ማርሹ ልክ እንዳልሆነ አየ። እያየ ሥራውን ቀጠለ፤ ክሬኑ ገደለው። ፍርድ ቤቱ አምራቹን ነፃ አወጣ። መመርመር ይቻል ነበር፣ እንዲያውም ተመርምሯል። ስለዚህ «የማይመረመር መሆን» ወሳኝ ፍሬ ነገር ነው። በ1935 ደግሞ ከአውስትራሊያ የመጣ ጉዳይ አለ፣ ግራንት የሚባል። ሰውየው የገዛው የሱፍ ውስጥ ልብስ ውስጥ የቀረ ኬሚካል ቆዳውን አቃጠለው። አምራቹ «የእኛ ልብስ እንጂ መጠጥ አይደለም፣ የታሸገ ጠርሙስም የለም» ብሎ ተከራከረ። አልሠራለትም። ኬሚካሉ በዓይን አይታይም። ከዚህ ተነሥተን «መጠጥ» የሚለውን ሰርዘን «ምርት» አልን፣ «ጥቁር ጠርሙስ» የሚለውን ሰርዘን «በተለመደ ምርመራ የማይገኝ ጉድለት» አልን። ቀንድ አውጣውማ መጀመሪያውኑ ወጥቷል። አይጥም ብትሆን ያው ነው።

አንድ ነገር ግን ሳልደብቅ ልናገር። የጎረቤቱ ንግግር ሬሾ አይደለም ስል የማይረባ ነው እያልኩ አይደለም። በ1970 ዶርሴት ያት በሚባለው ጉዳይ ሎርድ ሪድ፣ ይህን ንግግር እንደ መርህ የምናይበት ጊዜ ደርሷል አለ። እግረ መንገድ የተባለው ከሠላሳ ምናምን ዓመት በኋላ ቤት ገነባ። ልዩነቱ በ1933 ብትጠቅሰው ዳኛው ሊተወው መብት ነበረው።

ወደ አገራችን ስመለስ የእኛ ሕግ እንደ እንግሊዞቹ በዳኞች ውሳኔ ላይ የሚገነባ የጋራ ሕግ ሥርዓት አይደለም፤ «ሬሾ» የሚል ቃልም አዋጁ ውስጥ የለም። አዋጅ ቁጥር 454/1997 አስገዳጅ ያደረገው ከአምስት ያላነሱ ዳኞች የተሰየሙበት የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሰጠውን «የሕግ ትርጉም» ነው። አሁን ያለው አዋጅ 1234/2013ም በዚሁ ቀጥሏል። የሰበር ፍርድ ደግሞ ለአንባቢ ደግ ነው። ጉዳዩ ለሰበር «ያስቀርባል» ሲባል የሚመረመረው ነጥብ ብዙ ጊዜ እዚያው ይጻፋል። እኔ አሁን መጀመሪያ «ያስቀርባል» የሚለውን ፈልጌ አሰምርበታለሁ፣ ከዚያ ወደ መጨረሻው ውሳኔ እዘላለሁ፣ ከዚያ ነው መሀሉን የማነበው። የሰበር ውሳኔዎች በሚታተሙባቸው ቅጾች ላይ ከፍርዱ በፊት የሚገኘውን አጭር ማጠቃለያ ሳልነካ አልፋለሁ። ማውጫ ነው እንጂ ችሎቱ የጻፈው ፍርድ አይደለም። የኔ የችሎት ሀፍረት ምንጩም እሱ ነበር።

በዚህ ሳምንት የያዝነው የሰበር መዝገብ ቁጥር 23632 ነው፣ 2000 ዓ.ም. የተወሰነው። እናቷን ያጣች ልጅ አክስቷ ጋ ታድጋለች፤ አባት ልጄን ስጡኝ ይላል። የበታች ፍርድ ቤቶች በክልሉ የቤተሰብ ሕግ መሠረት በሕይወት ያለው ወላጅ ነው ሞግዚት ብለው ለአባት ሰጡ። ሰበር የልጁ ጥቅም ይቅደም ብሎ ሻረው፤ ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ንዑስ አንቀጽ 2ን እና የሕፃናት መብቶች ስምምነትን አንቀጽ 3 ጠቅሶ። እኔ ካርዴ ላይ «ሞግዚትነት ላይ የልጁ ጥቅም ከወላጅነት መብት ይቀድማል» ብዬ ጻፍኩ። ጓደኛዬ ሰፍቷል ይላል። «ልጅቷን ሌላ ሰው ያሳደጋት መሆኑን አስገባ፣ ያ ባይኖር አባትየው ይሸነፍ ነበር?» ይለኛል። ተቃራኒውን ጽፈን ሁለት ጊዜ ሞከርነው፤ አንዴ ለሱ ወጣ፣ አንዴ ለኔ። እትዬ ሦስተኛውን ቡና ቀድታ «ዛሬም አልተስማማችሁም?» ብላ ሄደች። የናንተ ካርድ ላይ ምን እንደተጻፈ ላኩልን።