ስልክ፣ ላፕቶፕና አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፦ ፋይሎቼን በሲንክቲንግ እንዴት እንዳስተካከልኩ

ሥራዬ ሰው እያነጋገሩ ድምፅ መቅዳት፣ ከዚያ ቁጭ ብሎ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። የምቀዳው በስልኬ፣ የምጽፈው በላፕቶፔ ነው። ቤት ደግሞ ሁሉንም የማስቀምጥበት አሮጌ ዴስክቶፕ አለኝ። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብዬ በWAV ነው የምቀዳው፤ በዚህ ፎርማት የአንድ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ከ300 ሜጋባይት በላይ ይወጣዋል። ይህን ኢንተርኔት ላይ ባስቀምጠው አንዴ ይጫናል፣ ከዚያ ላፕቶፑና ዴስክቶፑ እያንዳንዳቸው ያወርዱታል። አንድ ቃለ መጠይቅ ብቻ ወደ አንድ ጊጋባይት ዳታ በላ ማለት ነው። ሦስቱም መሣሪያዎች ግን ያሉት አንድ ቤት ውስጥ፣ አንድ ራውተር ሥር ነው። ፋይሉ ከክፍል ወደ ክፍል ለመሄድ ባሕር ማዶ ደርሶ የሚመለስበት ምክንያት አልታየኝም።

ሲንክቲንግ ይህን ይፈታል። ከ2013 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ፣ ኮዱም ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ነው። የመረጥናቸውን ፎልደሮች በመሣሪያዎቻችን መካከል በቀጥታ ያመሳስላል። ፋይሎቻችንን የሚያስቀምጥ ማዕከላዊ ሰርቨር የለውም፤ አካውንትም አያስከፍትም።

አጫጫኑ ቀላል ነው። ዴስክቶፑ ላይ ኡቡንቱ ስላለ እነዚህን ሁለት መስመሮች ጻፍኩ፦

```
sudo apt install syncthing
sudo systemctl enable --now syncthing@$USER.service
```

ሁለተኛው መስመር ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ማንም የይለፍ ቃል ባያስገባም ሲንክቲንግ አብሮ እንዲነሣ ያደርጋል። ከዚያ ብራውዘር ላይ `127.0.0.1:8384` ሲጻፍ መቆጣጠሪያ ገጹ ይከፈታል። ላፕቶፑ ዊንዶውስ ስለሆነ ለእሱ የተዘጋጀውን ጫንኩ። ለአንድሮይድ በፊት የነበረው ዋናው አፕ ከዲሴምበር 2024 ወዲህ አዲስ ስሪት አይወጣለትም። እኔ የምጠቀመው ከእሱ የተቀጠለውን Syncthing-Fork ነው።

እያንዳንዱ መሣሪያ Device ID የሚባል ረጅም መለያ አለው። የአንዱን መለያ ሌላው ላይ በ`Add Remote Device` ታስገባላችሁ፤ በስልክ ከሆነ የኪውአር ኮዱን ማንሣት ይበቃል። ከዚያ ያኛውም ወገን መቀበል አለበት። መለያው ምሥጢር አይደለም። ሰው ቢያውቀው እንኳ እናንተ እስካልተቀበላችሁት ድረስ ምንም ማየት አይችልም።

ሦስቱ ከተገናኙ በኋላ መጀመሪያ ያየሁት ፋይሉ በየት በኩል እንደሚሄድ ነው። መቆጣጠሪያ ገጹ ላይ የመሣሪያውን ስም ስትጫኑ የግንኙነቱ ዓይነት ይወጣል። `TCP LAN` ወይም `QUIC LAN` ካለ ፋይሉ በቤታችሁ ዋይፋይ ውስጥ ብቻ ነው የሚሄደው፤ ከኢንተርኔት ዳታችሁ አይቆረጥም። `Relay WAN` ካለ ግን መሣሪያዎቹ በቀጥታ መገናኘት አልቻሉም፤ ፋይሉ በኢንተርኔት አቋርጦ በአገናኝ ሰርቨር በኩል እያለፈ ነው። የተመሰጠረ ስለሆነ አገናኙ ሊያነበው አይችልም፣ ዳታችሁ ግን ያልቃል፣ ፍጥነቱም ይወርዳል።

የእኔ ላፕቶፕ መጀመሪያ ላይ `Relay WAN` ነበር ያሳየው። እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከስልኩ አጠገብ ተቀምጦ ማለት ነው። ምክንያቱ ላፕቶፑ የተገናኘው ራውተሩ ለእንግዳ በሚያወጣው ዋይፋይ መሆኑ ነበር። የእንግዳ ዋይፋይ ብዙ ጊዜ በውስጡ ያሉ መሣሪያዎች እርስ በርስ እንዳይተያዩ ይከለክላል። ወደ ዋናው ዋይፋይ ሳዛውረው ወዲያው ተስተካከለ። ያም ካልሠራ ቀጥሎ የሚታየው የዊንዶውስ ፋየርዎል ነው። ፋይል የሚተላለፍበት ፖርት 22000፣ መሣሪያዎቹ ቤት ውስጥ የሚፈላለጉበት ደግሞ UDP 21027 ነው፤ ሁለቱም ክፍት መሆን አለባቸው። ዳታ የሚቆጥብ ሰው ይህን ሳያይ ማለፍ የለበትም። ፋይሉ በሁለቱም መንገድ ይደርሳል፤ ልዩነቱ የሚታወቀው ጥቅሉ ሲያልቅ ነው።

አሮጌው ዴስክቶፕ ለምን አስፈለገ? ሰርቨር ስለሌለ ፋይል የሚተላለፈው ሁለት መሣሪያዎች በአንድ ጊዜ ሲበሩ ብቻ ነው። ስልኬ በር ላይ ዋይፋይ ሲያገኝ ላፕቶፑ ተዘግቶ ከሆነ የሚቀበለው የለም። ሁልጊዜ የሚበራ አንድ ኮምፒውተር ሲኖር ግን ስልኩ ለእሱ ይሰጣል፤ ላፕቶፑም በከፈትኩት ሰዓት ከእሱ ይወስዳል። እኛ ጋ መብራት ስለሚሄድና ስለሚመጣ፣ የዴስክቶፑ ባዮስ ውስጥ ገብቼ ኃይል ሲመለስ በራሱ እንዲነሣ አደረግሁት። ይህ ምርጫ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ `Restore on AC Power Loss` በሚል ወይም በተቀራራቢ ስም ይገኛል። ስልኩ ላይ ደግሞ አንድሮይድ ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ አፑን እንዳይዘጋው ከባትሪ ቁጠባው ነፃ አወጣሁት። በዋይፋይ ብቻ እንዲሠራም አዘዝኩት።

ከሁሉ በላይ ያሰብኩበት የመሰረዝ ጉዳይ ነው። ሲንክቲንግ ፎልደሮቹን አንድ ዓይነት ያደርጋል ሲባል የተሰረዘውንም ይጨምራል። ስልኬ ሞልቶ ቦታ ለማስለቀቅ ቅጂዎችን ባጠፋ፣ ከላፕቶፑም ከዴስክቶፑም ይጠፋሉ። ስለዚህ ባካፕ አይደለም። የስልኩን ፎልደር `Send Only` ማድረግም ከዚህ አያድንም። እንዲያ ስታደርጉ ሌሎቹ የስልኩን ፋይል መቀየር አይችሉም እንጂ፣ ስልኩ ላይ የምታጠፉት አሁንም ለሁሉም ይተላለፋል።

እኔ ይህን ጠባይ ለሥራዬ ነው ያዋልኩት። ሁለት ፎልደሮች ከፈትኩ። «ገቢ» የሚባለው በሦስቱም ላይ አለ፤ ስልኩ የሚቀዳው እዚያ ውስጥ ነው። «መዝገብ» የሚባለው ግን በላፕቶፑና በዴስክቶፑ ላይ ብቻ ነው፤ ስልኩ አያውቀውም። ቃለ መጠይቁን ጽፌ ስጨርስ የድምፅ ፋይሉን ላፕቶፑ ላይ ከ«ገቢ» ቆርጬ «መዝገብ» ውስጥ እለጥፋለሁ። ስልኩ ይህን የሚያየው «ከገቢ ተሰረዘ» ብሎ ነው፤ የራሱንም ቅጂ ያጠፋል። የስልኬ ቦታ በራሱ ይለቃል፣ ድምፁም በሁለት ኮምፒውተሮች ላይ ይቀራል። ለዚህ ስልኩ ላይ «ገቢ» `Send & Receive` መሆን አለበት። አንድ ጥንቃቄ አለው፦ ፋይል ከማዛወሬ በፊት ዴስክቶፑ መብራቱን፣ ፎልደሮቹም `Up to Date` ማለታቸውን አያለሁ። አለዚያ ስልኩ ቀድሞ ያጠፋና ብቸኛው ቅጂ ላፕቶፑ ላይ የሚቀርበት ጊዜ ይፈጠራል።

በስህተት ለሚሰረዘው ደግሞ `File Versioning` አለ። ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ይህ የሚሠራው ከሌላ መሣሪያ በመጣ ለውጥ ላይ ብቻ መሆኑን ነው። ላፕቶፑ ላይ አብርታችሁት እዚያው ላፕቶፕ ላይ ፋይል ብታጠፉ ምንም አያስቀምጥላችሁም። የሚያድናችሁ ዴስክቶፑ ላይ የበራው ነው። የላፕቶፑ ስረዛ ሲደርሰው አሮጌውን ቅጂ `.stversions` ወደሚባል ድብቅ ፎልደር ያስገባዋል። ስለዚህ ዴስክቶፑ ላይ `Staggered` የሚለውን መረጥኩ። ይህ የቅርብ ጊዜውን ስሪት በብዛት፣ የቆየውን እያሳሳ ይይዛል። ለመጀመሪያው ሰዓት በየ30 ሴኮንዱ፣ እስከ አንድ ቀን በየሰዓቱ፣ እስከ 30 ቀን በየቀኑ፣ ከዚያ እስከ ዓመት በየሳምንቱ አንድ አንድ ስሪት ይቀራል። ከማመኔ በፊት ሞከርኩት። አንድ የማያስፈልግ ፋይል ላፕቶፑ ላይ አጠፋሁ፤ ዴስክቶፑ ላይ የፎልደሩን `Versions` ተጭኜ መለስኩት፤ ወደ ላፕቶፑም ተመልሶ መጣ። እናንተም እውነተኛ ፋይል ከማስገባታችሁ በፊት ይህን ብትሞክሩ ጥሩ ነው።

ሁለት ቦታ ላይ የተቀየረ ፋይል ምን እንደሚሆንም ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት መሣሪያዎች ሳይገናኙ አንድ ሰነድ በሁለቱም ላይ ከተጻፈበት፣ ሲንክቲንግ አያዋሕደውም። ቀድሞ የተቀየረው ስሙ ተለውጦ `sync-conflict` የሚል ቃል፣ ቀንና ሰዓት ተጨምሮበት አጠገቡ ይቀመጣል። ምንም አይጠፋም፣ ግን ሁለቱን ከፍቶ ማስታረቅ የእናንተ ሥራ ነው። እኔ በሳምንቱ መጨረሻ በዚህ ቃል ፎልደሬን እፈልጋለሁ።

በመጨረሻ፣ በአማርኛ ፋይል የምንሰይም ሰዎች የምንገናኘው አንድ ችግር አለ። አንድ ቀን ላፕቶፑ ሁሉም ደህና ነው ሲል ዴስክቶፑ `Out of Sync` አለ። ቃሉን ስጫነው የአንድ ፋይል ስም ወጣ፤ ምክንያቱም `file name too long` ይላል። ስሙ ረጅም ነው፣ ግን ዊንዶውስ ያለምንም ቅሬታ ተቀብሎታል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ዊንዶውስ የፋይል ስም ሲለካ ፊደል ይቆጥራል፤ እስከ 255 ይፈቅዳል። ሊኑክስ ግን የሚቆጥረው ባይት ነው፤ ገደቡ 255 ባይት ነው። የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲይዝ የእኛ ፊደል እያንዳንዱ ሦስት ይይዛል። ስለዚህ ሊኑክስ ላይ ያለን ወደ 85 ፊደል ብቻ ነው፤ አንድሮይድም ብዙውን ጊዜ እንዲሁ ነው። የተናጋሪውን ስም፣ ቦታውን፣ ርዕሱንና ቀኑን አንድ ላይ ስጽፍ ከዚያ ማለፍ ቀላል ነው።

የተገላቢጦሹም አለ። ሊኑክስ ላይ ሰዓቱን `10:30` ብላችሁ ስም ውስጥ ብታስገቡ፣ ዊንዶውስ ሁለት ነጥቡን በፋይል ስም ስለማይፈቅድ ፋይሉ ላፕቶፑ ላይ አይደርስም። አሁን የድምፅ ፋይሎቼን ስም ቢበዛ 50 ፊደል አደርጋለሁ፤ ሰዓቱን በሰረዝ እለያለሁ። ረጅሙን ዝርዝር በዚያው ፎልደር ባለ አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ እጽፈዋለሁ። ከዚያ ወዲህ ዴስክቶፑ `Out of Sync` ካለ መጀመሪያ የማየው የፋይሉን ስም ነው።